ሹፌሩ ቅዳሜ ሌሊት ቦሌ ሄደ፦ አማርኛና እንግሊዝኛ በአንድ ኢሜይል

ኅዳር ላይ ነው። ከውጭ የሚመጡ እንግዳ ነበሩን። የበረራውን መረጃ ከትኬቱ ላይ እንዳለ ገልብጬ ኢሜይሉ ውስጥ ለጠፍኩት። ከሥሩ ለትራንስፖርት ክፍል አንድ የአማርኛ መስመር ጨመርኩ።

```
Arrival: Sat 15 Nov, 01:40
ሹፌር ቅዳሜ ሌሊት 7:40 ቦሌ ይጠብቃቸው።
```

ሰዓቱን አልተሳሳትኩም። የፈረንጁ 01:40 በእኛ ከሌሊቱ 7:40 ነው። ቀኑንም ከራሴ አላመጣሁትም፤ ትኬቱ ቅዳሜ ይላል። ሹፌሩም አልተሳሳተም። ቅዳሜን ውሎ፣ እራቱን በልቶ፣ ሌሊት ቦሌ ሄዶ ቆመ። እንግዳው ግን ከገቡ አንድ ቀን ሙሉ አልፏቸዋል። ጠብቀው ጠብቀው በታክሲ ሆቴላቸው ገብተው ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ኢሜይል ልከውልኛል፤ እኔ ደግሞ የሥራ ኢሜይሌን ቅዳሜ አላይም።

በእንግሊዝኛው ቀን የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። በእኛ አነጋገር "ቅዳሜ ሌሊት" ሲባል ግን ቅዳሜ ውሎ መሽቶ የሚመጣው ሌሊት ነው። መጻፍ የነበረብኝ እንዲህ ነበር፦ "ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 7:40። ሹፌሩ ዓርብ ማታ ነው የሚወጣው።" ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ትርፍ ሊመስል ይችላል። ሥራውን የሚሠራው ግን እሱ ነው።

የምሠራው አዲስ አበባ፣ ግዥና አስተዳደር ላይ ነው። ኢሜይሎቼ ለሂሳብ ክፍል፣ ለመጋዘን፣ ለሹፌሮች፣ በግልባጭ ደግሞ ናይሮቢ ላለው የቀጠና ቢሮ ይሄዳሉ። ንጹሕ አማርኛ ብቻ ብጽፍ ናይሮቢ አይገባውም። እንግሊዝኛ ብቻ ብጽፍ የመጋዘኑ ሰው አንብቦ "እሺ" ይላል፣ ከዚያ ደውሎ "ምንድነው ያልሽው?" ይለኛል። ስለዚህ እቀላቅላለሁ። ከዚያች ሌሊት ወዲህ ግን ከመላኬ በፊት አንድ ነገር አያለሁ፦ ሁለቱ ቋንቋዎች የተሰፉበት ቦታ የት ላይ ወደቀ? ስፌቱ ቀን፣ ሰዓት ወይም "ማን ይሥራው" የሚለው ላይ ከወደቀ ፈትቼ እንደገና እሰፋዋለሁ።

መጀመሪያ፦ ግልባጩን ተመልከቱ

ጽሑፉን ከመጀመራችሁ በፊት የተቀባዮቹን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች አንብቡ። ሁሉም አማርኛ የሚያነቡ ከሆነ መደቡ አማርኛ ይሁንና የእንግሊዝኛ ቃል እንደ አስፈላጊነቱ ይግባ። አማርኛ የማያነብ አንድ ሰው እንኳ ካለ እዚህም እዚያም ቃል መቀየጥ አይረዳውም። "ፔይመንት"፣ "ዲሌይ" እና "አርጀንት" የሚሉትን ቃላት ብቻ ለቅሞ የራሱን ታሪክ ይሠራል። ብዙ ጊዜ ታሪኩ ከእውነቱ የከፋ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ከላይ ሦስት ወይም አራት መስመር ሙሉ እንግሊዝኛ ጻፉለት። ከሥሩ ሙሉ አማርኛ ይከተል። ሁለቱን በባዶ መስመር ለዩ።

ኢሜይል ደግሞ እግር አለው። ዛሬ ለሦስት ሰው የጻፋችሁት ነገ ለኦዲተር ይተላለፋል። አማርኛ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋው የሆነ ባልደረባም እንዳለ አትርሱ። እሱ አማርኛውንም እንግሊዝኛውንም ለየብቻ በደንብ ያነብባል። አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አራት ጊዜ ስትዘሉበት ግን ይደክመዋል።

ቀጥሎ፦ የትኛው ቃል እንግሊዝኛ ይሁን?

የእኔ መለኪያ ቀላል ነው። አንባቢው ያንን ቃል በዓይኑ ፈልጎ ማግኘት አለበት ወይ? ስክሪን ላይ ያለ ቁልፍ፣ የፋይል ስም፣ የስህተት መልእክት፣ ውል ውስጥ የተጻፈ ስያሜ ከሆነ እንዳለ በእንግሊዝኛ ፊደል ይቀመጥ። ቁልፉ ላይ `Submit` ተብሎ ተጽፎ ሳለ "አስገባ የሚለውን ተጫኑ" ብትሉ ሰውየው "አስገባ" የሚል ቁልፍ ሲፈልግ ይውላል። "ሰብሚት" ብላችሁ በፊደላችን ብትጽፉትም ያው ነው፤ ዓይን የሚፈልገው ቅርጹን ነው።

ሰው ሁሉ በአፉ የሚለው ቃል ደግሞ በእኛው ፊደል ይጻፍ። ሪፖርት፣ ፋይል፣ ኮሚቴ፣ ጄኔሬተር፣ ፓስወርድ። "ኮምፒውተርህን ሪስታርት አድርገው" ማለት "ዳግም አስነሳው" ከማለት ይሻላል፤ ቢሮ ውስጥ "ዳግም አስነሳው" ሲል የሰማሁት ሰው የለም። እዚህ ላይ የቋንቋ ንጽሕና ጠባቂ መሆን ሥራ ያዘገያል።

አንድ የሚያስቸግር ነገር አለ፤ ቅጥያ። አማርኛ "ን"፣ "ው"፣ "ኦች" እያለ ቃሉ መጨረሻ ላይ ይቀጥላል። የእንግሊዝኛ ፊደል ላይ ሲቀጠል ደስ አይልም። "vendorኡን"፣ "invoiceኦቹ" ብሎ የጻፈ ሁሉ ያውቀዋል። ከዚያ ደግሞ ሁለት ጊዜ የብዙ ቁጥር ይመጣል፦ "reportsኦች"። መፍትሔው ተሸካሚ ስም ማስከተል ነው። ቅጥያውን አማርኛው ስም ይሸከም፣ እንግሊዝኛው ንጹሕ ሆኖ ይቀመጥ።

```
Budget_v3.xlsx የሚለውን ፋይል ክፈቱ።
Submit የሚለውን ቁልፍ ተጫኑ።
```

ይህ ሌላም ጥቅም አለው። የፋይሉ ስም ሳይነካ ስለሚቀር ገልብጦ መፈለግ ይቻላል። "Budget_v3.xlsxን" ብላችሁ ብታጣብቁት ግን ገልብጦ የፈለገ ሰው ምንም አያገኝም።

ተመሳሳይ የሚመስሉ፣ ግን የተለያዩ ቃላት

በዚህ የተነሳ ብዙ የተንከራተትኩበት ቃል ፕሮፎርማ ነው። እኛ ዘንድ "ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስብ" ማለት ከሦስት ነጋዴ የዋጋ ማቅረቢያ አምጣ ማለት ነው። ገና ምንም አልተገዛም። ውጭ ያለ ሰው ግን ቃሉን ሲያይ በአእምሮው የሚመጣለት ኢንቮይስ ነው፤ ሻጭና ገዥ ተስማምተው፣ ዕቃው ከመላኩ በፊት የሚሰጥ የሂሳብ ወረቀት። እናም "ሦስት ፕሮፎርማ አለን" ስትሉት "ለአንድ ጥገና ለምን ሦስት ቦታ እንከፍላለን?" ብሎ ይጠይቃል። ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ለአማርኛ አንባቢ ፕሮፎርማ ይበቃል። በእንግሊዝኛው ክፍል ግን `quotation` በሉት።

ደረሰኝና ኢንቮይስም እንዲሁ ናቸው። ኢንቮይስ ክፈሉኝ የሚል ወረቀት ነው፤ ደረሰኝ ተቀብያለሁ የሚል። "ኢንቮይሱን አምጣ" ተብሎ ደረሰኝ ይዞ የመጣ ሰው ብዙ ነው። በቃል ሲሆን ተጠያይቆ ይታረማል። በኢሜይል ሲሆን ግን ሁለት ቀን ይበላል። ስለዚህ ቃሉን ብቻ ከመወርወር ወረቀቱ የሚሠራውን ሥራ መጻፍ ይሻላል፦ "ከመክፈላችን በፊት ሻጩ የሚሰጠንን የክፍያ መጠየቂያ።"

በተቃራኒው ደግሞ እንግሊዝኛ ኢሜይል ውስጥ መቆየት ያለባቸው የእኛ ቃላት አሉ። ወረዳና ቀበሌ አይተረጎሙም፤ `woreda` እና `kebele` ተብለው ይሂዱ። ርክክብን ግን በአንድ ቃል አልተረጉመውም። ዕቃው ተቆጥሮ፣ ሰጪና ተቀባይ ሁለቱም ፈርመው የሚለያዩበት ሥርዓት እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ።

ቀንና ሰዓት፦ እዚህ ላይ አትቀላቅሉ

ሰዓትን ሁሉም ሰው ያውቃል፤ የስድስት ሰዓት ልዩነት ነው። የሚያሳስተው ልዩነቱ ሳይሆን የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ የሚነግር ምልክት አለመኖሩ ነው። "ነገ 3:00 ላይ እንገናኝ" የሚለው አማርኛ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ስላለ ጠዋት 3 ሰዓት ይመስላል። ከላይ ያለው አንቀጽ በእንግሊዝኛ ከሆነ ግን ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓትም ሊሆን ይችላል። ከሁሉም የባሰው 12:00 ነው። እኩለ ቀን? እኩለ ሌሊት? የእኛ ማለዳ 12 ሰዓት? ወይስ የምሽቱ? አራት ሰው አራት ቦታ ይቆማል።

ደንቤ ይህ ነው። በአማርኛ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁልጊዜ "ከጠዋቱ"፣ "ከቀኑ"፣ "ከምሽቱ" ወይም "ከሌሊቱ" እልና "ሰዓት" የሚለውን ቃል እጨምራለሁ። በእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ውስጥ `AM` ወይም `PM` እጽፋለሁ። እኩለ ቀንን `noon` እለዋለሁ። የአንዱን ቁጥር ከሌላው ምልክት ጋር አላጣምርም። "3 ሰዓት AM" የሚል ኢሜይል ደርሶኝ ያውቃል። እስካሁን ምን ማለት እንደሆነ አላወቅኩም።

ቀን ላይ ደግሞ ወሩን በቁጥር አትጻፉ። ለምሳሌ በጥቅምት አጋማሽ "ዴድላይን 11/3" ብላችሁ ላካችሁ እንበል። የእኛ ሰው ኅዳር 11 ብሎ ያነብበዋል። ወርን የሚያስቀድም፣ የአሜሪካ ልማድ ያለው ሰው ኖቬምበር 3 ይለዋል። ኅዳር 11 ቀን 2018 ማለት ኖቬምበር 20 ቀን 2025 ነው። በሁለቱ ንባቦች መካከል 17 ቀን አለ። ሁለቱም ሊሆኑ የሚችሉ ቀናት ስለሆኑ ማንም አይጠራጠርም፤ አደጋው ይሄ ነው። ቁጥሩ የማይመስል ቢሆን ኖሮ ሰው ይጠይቅ ነበር። የወሩን ስም ስትጽፉ ጥያቄው ይሞታል። የሳምንቱን ቀን ብትጨምሩበት ደግሞ ስትቀይሩ ብትሳሳቱ እንኳ አንባቢው ይይዛችኋል። ኅዳር 11 ሐሙስ ነው ብላችሁ፣ በእንግሊዝኛው ረቡዕ ካላችሁ አንዱ ስህተት ነው።

"የመጀመሪያው ሩብ ዓመት"ም ከዚሁ ወገን ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ያልቃል። ስለዚህ የእኛ አንደኛ ሩብ ሐምሌ፣ ነሐሴና መስከረም ነው። በጀቱን በጃንዋሪ ለሚጀምር ቢሮ `Q1` ብላችሁ ከጻፋችሁለት እስከ ማርች መጨረሻ ተረጋግቶ ይቀመጣል። ወራቱን በስም ጥሩለት።

"አፕሩቭ ሆኗል" እና ማን የሚለው ጥያቄ

አማርኛ ግስ አድራጊውን ይዞ ይዞራል። "ፈቀዱ" ስትሉ ሰዎች እንዳሉ ይታወቃል። "ፈቀደች" ስትሉ እሷ ናት። የእንግሊዝኛ ግስ ስንበደር ግን "አደረገ" ወይም "ሆነ" የሚል ረዳት እናስከትላለን። "አደረገ" ችግር የለበትም፤ "ሥራ አስኪያጇ አፕሩቭ አድርጋዋለች" ግልጽ ነው። "ሆነ" ግን አድራጊውን ይበላዋል። "አፕሩቭ ሆኗል።" በማን? መቼ? በወረቀት ወይስ በስልክ? ኦዲት ሲመጣ የሚጠየቀው ይኸው ነው።

"ቼክ ይደረግ"፣ "ፎሎው አፕ ይደረግ" የሚሉትም ያው ናቸው። ትእዛዝ ይመስላሉ፣ ግን ለማንም አልተሰጡም። አምስት ሰው አንብቦ አምስቱም ሌላው ይሠራዋል ብሎ ይተወዋል። "ኮንፈርም አድርጊልኝ" ደግሞ ሁለት ትርጉም አለው፦ "እመጣለሁ ብለሽ መልሺልኝ" ወይም "እውነት መሆኑን አጣሪልኝ"። እኔ አንዴ የመጀመሪያውን ፈልጌ ብጽፍላት ልጅቷ ሦስት መሥሪያ ቤት ስትደውል ዋለች።

ማረሚያው ቀላል ነው። ከመላካችሁ በፊት "ሆኗል" እና "ይደረግ" የሚሉትን ፈልጉ። ባገኛችሁበት ሁሉ "ማን?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ እዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ከሌለ ዓረፍተ ነገሩን በሙሉ አማርኛ መልሳችሁ ጻፉት። ግሱ ራሱ ባለቤት ይጠይቃችኋል።

አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ

እንግሊዝኛ እዚህ ላይ ያሳርፋል፤ `you` ብሎ ይገላግላል። ደስታ ለሚባል አይታችሁት ለማታውቁት ሰው ስትጽፉ ወንድ ይሁን ሴት ምን ታውቃላችሁ? ብዙ ሰው ልክ ግሱ ላይ ሲደርስ ወደ እንግሊዝኛ የሚሸሸው ለዚህ ነው። ከመሸሽ ግን "እርስዎ" ይሻላል፤ ፆታ አይለይም፣ ቅርም አያሰኝም። አንዴ ከጀመራችሁ ግን እስከ መጨረሻው ያዙት። "እባክዎ ፋይሉን ላክልኝ" የሚለው እንግዳን በክብር አስገብቶ ወንበር እንደ መከልከል ነው። ተቀባዮቹ ብዙ ከሆኑ፣ አንዱ አለቃ ሌላው ጓደኛ ከሆነ፣ ክፍሉን ባለቤት አድርጉት፦ "ሂሳብ ክፍል ይፈርማል፣ ግዥ ክፍል ያደርሳል።"

ስለ ቃና አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ቢሮ ሰላም ብሎ በአማርኛ የጀመረ ኢሜይል መሀል ላይ ድንገት "ፕሊዝ ኖት" ካለ ሰው ሁሉ ይነቃል። "እንግሊዝኛው መጣ" ይባላል። የተቆጣ አለቃ ሲናገር እንግሊዝኛ እንደሚያበዛ ሁሉ፣ ጽሑፍም ላይ ድንገተኛ ዝላይ እንደ ቁጣ ወይም እንደ ማዕረግ ማሳያ ይነበባል። ለመውቀስ ያላሰባችሁትን ሰው አትውቀሱ። ወቀሳ ካለም በጀመራችሁበት ቋንቋ ጨርሱት።

አንድ ኢሜይል ፈትተን እንስፋ

ከተለያዩ ኢሜይሎች ቆራርጬ የገጣጠምኩት ነው። ለግዥ፣ ለሂሳብ፣ በግልባጭ ለናይሮቢ የተላከ እንበል።

```
Subject: Urgent
Hi all, ለgeneratorኡ ጥገና 3 proforma መጥቶ
committeeው አይቶት approve ሆኗል። PO prepare
ይደረግ። Deadline 11/3 before 12:00 ነው።
Please note ባለፈውም delay ነበር።
```

ናይሮቢ ያለው ሰው ያየው ይህን ነው፦ አስቸኳይ፣ ሦስት ኢንቮይስ፣ ተፈቅዷል፣ 11/3፣ መዘግየት። ሂሳብ ክፍል ያየው ደግሞ ሥራው የግዥ እንደሆነ ነው። ግዥ ያየው የሂሳብ እንደሆነ ነው። ርዕሱ ላይ ያለው "አርጀንት" ከሁለት ወር በኋላ ይህን ኢሜይል ለመፈለግ አይረዳም። ሳጥኑ ውስጥ መቶ "አርጀንት" አለ።

እንግሊዝኛው ክፍል ለብቻው፦

```
Subject: የጄኔሬተር ጥገና ግዥ / Generator repair PO

We collected three price quotations. The committee
chose the lowest. Finance will sign the PO by
Thursday 20 Nov, noon, Addis time.
Nairobi: for information only.
```

ከሥሩ አማርኛው፦

```
ለጄኔሬተሩ ጥገና ከቀረቡት ሦስት ፕሮፎርማዎች የግዥ ኮሚቴው
ዝቅተኛውን ዋጋ ጥቅምት 17 መርጧል። ቃለ ጉባኤው ተያይዟል።
ግዥ ክፍል፦ የግዥ ማዘዣውን እስከ ረቡዕ ኅዳር 10 አዘጋጅቶ
ለሂሳብ ይሰጣል።
ሂሳብ ክፍል፦ ሐሙስ ኅዳር 11 ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ፈርሞ
ይመልሳል።
```

"አፕሩቭ ሆኗል" ወደ "ኮሚቴው መርጧል" ሲቀየር ቀኑና ቃለ ጉባኤው ተከትለው መጡ፤ ባዶ ቦታው ስለታየ። የመዘግየቱ ወቀሳ ወጥቷል። እሱ ለአንድ ሰው በስልክ የሚነገር ነው። ርዕሱ በሁለቱም ቋንቋ የተጻፈው ለፍለጋ ነው። `generator` ብሎ የሚፈልግ "ጄኔሬተር"ን አያገኝም። "ጀነሬተር" ብሎ የሚጽፍም አለ፤ እሱም አያገኘውም። በእንግሊዝኛ የተጻፈው ግን ለሁሉም አንድ ነው።

በስልክ የምትጽፉና የአማርኛ ኪቦርድ የሌላችሁ ደግሞ አማርኛውን በላቲን ፊደል አትጻፉት። `meta` መጣም መታም ነው። "ሹፌሩ መጣ" ለማለት ፈልጋችሁ ሌላ ጉዳይ እንዳይከፈት። እንዲያ ከሆነ ሙሉውን በአጭር እንግሊዝኛ ጻፉት፣ ወይም ቢሮ እስክትገቡ አቆዩትና ደውሉ።